«ግንዛቤ ማነስ» የተባለው ክምር

ሰሚያ ዐብዱልከሪም ከአፏ ቶሎ የሚወጣው ቃል «እንቢ» ነው ይባላል። የሚሏት ደግሞ ባዳ ሳይሆኑ የገዛ ቤተሰቦቿ ናቸው። አያቷም አባቷም ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። አባቷ ሐጂ ዐብዱልከሪም «ሱቁ እያለ ምን ጎድሎሽ ነው ገጠር የምትወርጅው?» ቢሏት እንቢ ብላ አዋላጅ ነርስ ሆነች። በማክሰኝት መንገድ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ባንዱ ተመድባ ሁለት ዓመት ስትሞላ ወደ ከተማ እናዛውርሽ ቢሏት አሁንም እንቢ አለች፤ ስድስት ዓመት ቆየች። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የትምህርት ፈቃድ ወስዳ ለሁለተኛ ዲግሪ ጎንደር ስትመለስ፣ እህቷ ለይላ «ይች ልጅ አሁን ደግሞ ለመምህሮቿ አዘንኩላቸው» ብላ ስቃ ነበር። ለይላ እንዳለችውም ሆነ።

ነገሩ የተነሳው ከማቆያ ቤቱ ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ መንገድ የራቃቸው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ምጥ እስኪይዛቸው የሚቆዩበት አንድ ረጅም ክፍል አለ። አልጋ አለው፤ ብርድ ልብስ አለው፤ እህሉን ቀበሌው አዋጥቶ ያስገባል፤ ምግብ የምትሠራ ሴት ተቀጥራለች። ሴቶቹ ግን ይመጣሉ፣ አራት አምስት ቀን ይቆያሉ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ሹልክ ይላሉ። መዝገቡ ላይ «የወጣችበት ምክንያት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። ሰሚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ዓምድ በሁለት ቃል ስትሞላው ኖረች፦ ግንዛቤ ማነስ።

አንድ ሰኞ ከማቆያው የወጣች ሴት ሐሙስ ዕለት ገደል አፋፍ ላይ ወለደች። እናትም ልጅም የተረፉት ለጥቂት ነው። ያን ዕለት ሰሚያ የሴትዮዋን ስም መዝገቡ ላይ ፈልጋ አገኘችው። አጠገቡ በራሷ እጅ ጽሑፍ «ግንዛቤ ማነስ» ይላል። የሞላችው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሴትዮዋን አንዲት ቃል አልጠየቀቻትም። የዲግሪ ጥናቷን በዚሁ ላይ ለማድረግ የቆረጠችው ያኔ ነው።

በራሷና በሁለት ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ቤት ገብተው የነበሩ አሥራ አራት ሴቶችን ከወለዱ በኋላ በየቤታቸው እየሄደች አነጋገረች። ፈቃዳቸውን ጠይቃ በስልኳ ቀዳች፤ ስማችሁ አይወጣም ብላ ቃል ገባችላቸው፤ በስም ፈንታ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቁጥር ሰጠቻቸው። ከዚያ ቅጂውን እያዳመጠች ቃል በቃል ገለበጠችው። ሳቃቸውን፣ ዝምታቸውን፣ «እንግዲህ» እያሉ የሚያንጠለጥሉትን ሳይቀር ጻፈች፤ መስመሮቹንም ቆጥራ ቁጥር ሰጠቻቸው። ግልባጩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ።

እዚህ ድረስ ሸጋ ነበር። የተሳሳተችው ከዚህ በኋላ ነው።

ኮድ መስጠት ማለት በግልባጩ ላይ እያንዳንዱን ንግግር እያነበቡ ተናጋሪው የሚለውን ነገር ባጭሩ ጠርቶ በዳር መጻፍ ነው። መጀመሪያ ሲሠራ ክፍት ነው ይሉታል፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር የለም፤ ስሙ ከንግግሩ ይወጣል። ሰሚያ ይህን ክፍል ውስጥ ተምራው ነበር። እጇ ግን መዝገብ የለመደ እጅ ነው። አሥራ አራቱን ግልባጭ በሦስት ቀን ጨረሰችው። በዳሩ ላይ «ርቀት»፣ «ባል»፣ «ምግብ»፣ «የቤት ሥራ»፣ «ግንዛቤ ማነስ» እያለች አንድ አንድ ቃል አስቀመጠች፤ ጠባቡን ዓምድ እንደምትሞላው። ኮዶቹ ተሰባስበው ወዲያው ሦስት ጭብጥ፣ ማለትም ሦስት ዋና ሐሳብ፣ ሆኑ፦ ግንዛቤ ማነስ፣ የቤት ጫና፣ የአገልግሎት ጉድለት። ሦስቱም ገና ሴቶቹን ሳታነጋግር ለጥናቱ ባቀረበችው ዕቅድ ላይ የተጻፉ ነበሩ።

አማካሪዋ ዶክተር አምሐ ደስ አላቸው። የስሜን ሰው ናቸው፤ ሲደሰቱ የአገራቸው አነጋገር ያመልጣቸዋል።

«ሸጋ ነው! ከዕቅዱ ጋር ገጠመ። ቀድሞ ከተጠኑትም ጋር ገጠመ። ምነው ሁሉም ተማሪ እንዳንቺ በሆነ! በይ ሲስተር፣ ጻፊና ሰኔ ሳያልቅ ልፈርምልሽ።»

ፊርማው ቀላል ነገር አልነበረም። የትምህርት ፈቃዷ የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ ነው። የአማካሪ ፊርማ የሌለው ጥናት ለፈታኞች አይቀርብም፤ ያልቀረበ ደግሞ ዘንድሮ አይመረቅም። ጤና ቢሮው ፈቃዷን አንድ ቀን እንደማያራዝም በደብዳቤ ነግሯታል። ካልተፈረመላት የሁለት ዓመት ድካሟን ጥላ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነው።

መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ጭብጥ ግንዛቤ ማነስ ስለሆነ ከሴቶቹ አንደበት አንድ ሸጋ ጥቅስ ፈለገችለት። ከግልባጩ አንዱን አነበበች፤ አልሆነም። ሌላውን አነበበች፤ አልሆነም። ንግግሮቹን ጎን ለጎን ዘርግታ ልታያቸው ወሰነች።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ አባቷ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄዱ ሱቁ ይዘጋል። ሰሚያ ኮድ የሰጠቻቸውን ንግግሮች በሙሉ አትማ፣ በመቀስ ቆራርጣ፣ ከየትኛዋ ሴትና ከየትኛው መስመር እንደመጡ እንዳይጠፋባት በየቁራጩ ጥግ ቁጥር ጽፋ ነበር። የጨርቅ መቁረጫው ረጅም ጠረጴዛ ላይ በየክምሩ ደረደረቻቸው።

ለይላ ከበሩ ገባ ብላ አየቻት። «ወላሂ፣ እንዲህ ዓይነት ብጣሽ እኛ ጠርገን ነው የምንጥለው። ሎተሪ ልታወጪ ነው?»

«እጅሽን አንሺ። የሴቶቹን ቃል አታነቢም፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ኧረ ማን ፈለገው! ወይ ኩራት!»

«ቆይ ግን ለይላ፤ የራሴን ጥያቄ ላንብብልሽ። አንቺ ገጠር ያለሽ እናት ነሽ። ስድስት ዓመት ያዋለደችሽ ሲስተር ቤትሽ መጥታ፣ ‹ከማቆያው ስትወጪ አደጋ እንዳለው አላወቅሽም ነበር ማለት ነው?› ብትልሽ ምን ትያለሽ?»

ለይላ ሳቀች። «ምን እላለሁ፤ ‹አዎ ሲስተር፣ አላወቅኩም› ነዋ! ደንበኛ ጨርቁን ጨብጦ ‹ይኸ ቀለሙ አይለቅም አይደል?› ሲለኝ ‹ይለቃል› እላለሁ እንዴ?»

ሰሚያ አልሳቀችም። ግንዛቤ ማነስ የተባለውን ክምር ወደ ራሷ ሳበችው። አሥራ አንድ ቁራጭ ነው። አንድ በአንድ አነበበች፤ ግን አሁን ያነበበችው የሴቶቹን መልስ ብቻ ሳይሆን ከመልሱ በፊት ያለውን የራሷን ጥያቄ ጭምር ነው። በዘጠኙ ላይ «አለማወቅ» የሚለውን ነገር ቀድማ የተናገረችው እሷ ራሷ ናት። ሴቶቹ «እንግዲህ፣ አንች ካልሽ» ብለው በትሕትና ተቀበሏት እንጂ አንዳቸውም ከራሳቸው አላመጡትም። ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ የቁጥር ሰባት ነው። እንዲህ ትላለች፦ «አታውቁም ይሉናል። ደም ሲፈስ ሰው እንደሚሞት ማን ያላወቀ አለ? እናቴን የቀበርኳት በዚያው አይደል።» የመጨረሻዋም ከዚህ የራቀ አላለችም።

ሰሚያ ይህን ንግግር «ግንዛቤ ማነስ» ብላ ነበር ኮድ የሰጠችው።

ከዚያ ክምሩን በሙሉ ሰብስባ ፖስታ ውስጥ ከተተችና ፖስታው ላይ በትልቁ «የእኔ ድምፅ» ብላ ጻፈችበት።

አባቷ ከመስጊድ ሲመለሱ «ምግብ» የሚለውን ክምር ስታገላብጥ ደረሱ። ምን እንደምታደርግ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሐጂ ዐብዱልከሪም ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።

«እኔ ሱቅ ስጀምር ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ ነበር የምደረድረው። ለዓይን ያምራል፤ ገዥ ግን ይደናገራል። ቀይ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም። ለሠርግ ነው የሚመጣው፤ ለሐዘን ነው የሚመጣው። ቀይና ነጩ አንድ መደርደሪያ ላይ የሚውልበት ጊዜ አለ።»

ሰሚያ ክምሩን እንደገና አየችው። ምግብ አነሰን ያሉ ሴቶች አሉ፤ ምግቡ ሞልቶ መብላት ያፈሩም አሉ። ሁለቱንም «ምግብ» ብላ አንድ ላይ አስራቸዋለች። የሚናገሩበት ጉዳይ አንድ ነው፤ የሚሉት ነገር ግን ሰማይና ምድር ነው። በአንጻሩ «ናፍቆት» ውስጥ የጣለቻት አንዲት ሴት የምትለው መብላት ካፈሩት ጋር ገጠመ፦ ቤቷን የናፈቀችው እዚያ እጇ ሥራ ስለማይፈታ ነው።

«አባዬ፣ እንደገና ልጀምር ነው» አለች።

«ስንት ቀን ቀረሽ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ማሻአላህ፣» አሉ ሐጂ፣ «እናትሽን መሰልሽ፤ እሷም ሰፍታ የጨረሰችውን ትፈታ ነበር።»

በአሥራ አንድ ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ገጽ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እንደገና ኮድ ሰጠች። አሁን አንድ ቃል አይበቃትም፤ ኮዱ ተነጥሎ ሲነበብ ሴትዮዋ ምን እንዳለች መናገር አለበት። «የሰው እህል እየበሉ መዋል መክበድ»። «አትንኪ መባል»። «እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ማሳፈር»። «ለተደረገላት ብድር መመለሻ ማጣት»። «በሠራተኛ መገላመጥ»። ሰማንያ ሦስት ኮድ ወጣ። የሚደጋገሙትን አዋሐደች፤ የተዛመዱትን አቀራረበች። ከጨረሰች በኋላ ትልቁን ክምር «ንቀት» ብላ ሰየመችው። ሴቶቹ የወጡት ስለተናቁ ነው። ቁጣዋም ረዳት፤ ሲጽፉ ቁጣ ያፈጥናል።

ዶክተር አምሐ ጽሑፉን ሁለት ቀን ይዘው ቆዩና ጠሯት። ፊታቸው ሸጋ አልነበረም።

«ግንዛቤ ማነስ የት ገባ?»

«ወጣ፣ ዶክተር። ሲመረመር የራሱ ማስረጃ የለውም። ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በጥያቄዬ። ክምሩን «የእኔ ድምፅ» ብዬ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

«ከአሥራ አራት ሴት አሥራ አንድ ቁራጭ ነበረው! በቁጥር ከሁሉ የበለጠ እሱ ነበር።»

«ቁጥር ብቻውን ጭብጥ አያደርገውም። ዘጠኝ ጊዜ ብጮህ ዘጠኝ ጊዜ ያስተጋባል። ገደል ተናገረ ይባላል እንዴ?»

ዶክተር አምሐ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምላስሽ ስለት አለው፤ እንግዲያው እኔም ልጠይቅሽ። ‹ንቀት› ብለሻል። ቁጥር አሥራ አንድስ?»

«ቁጥር አሥራ አንድ ምን ሆነች?»

«እስክትወልድ ቆይታለች። ደግሞ ተሰድባለች፤ ግልባጭሽ ላይ አለ፣ አንብቤዋለሁ። የናቋት ሴት ቆየች። ጭብጥሽ ሴቶች ስለተናቁ ወጡ ይላል። ይችን ምን ልታደርጊያት ነው? በፖስታ ልትከቻት?»

ሰሚያ ሰውዬው አንብበውታል ብላ አልጠበቀችም ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ቁጥር አሥራ አንድን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበቻት፤ ቅጂውንም አዳመጠችው። ሴትዮዋ በሳቅ ነው የምታወራው። አንዷ ሠራተኛ ሰድባታለች፤ እውነት ነው። ግን እሷ የገባችው ሌላ ጤና ጣቢያ ነው፤ በገባች በሁለተኛው ቀን የማቆያው ምግብ ሠሪ ታመመችና ተኛች። ተተኪ አልተገኘም። «እኔና ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ገባን። አሥራ ሁለት ቀን ሠራን፤ ላስታማሚው ሁሉ ደረሰ። ኧረ ቤቴ መሰለኝ! የምን መውጣት፣ ማን ይሠራላቸዋል?» በሠራተኛዋ መሰደቧን ስትተርክ እንኳ «ትሳደብ፣ ወጡን እንደሁ ትበላለች» ብላ ትስቃለች።

ሰሚያ ከወንበሯ ተነሳች። ወደ ሌሎቹ ግልባጮች ተመለሰች፤ የወጡትን ሁሉ በዚህ ዓይን ፈተሸቻቸው። የተገላመጡ ነበሩ፤ ያልተገላመጡም ነበሩ። አልጋው ምቹ ነበር ያሉም ወጥተዋል። የሚያገናኛቸው ንቀት አይደለም። ባዶ እጅ ነው። በሰው መዋጮ እየበሉ ምንም ሳያዋጡ መቀመጥ፣ በዚያ አገር ሴት ላይ ከምጥ ይከብዳል። የሚወጡት እውቀት ስላነሳቸው ሳይሆን ሸክም ሆኖ መታየትን እንቢ ስላሉ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከሦስቱ ማቆያዎች በአንዱ፣ በራሷ ጤና ጣቢያ፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ነፍሰ ጡር እናቶች ሥራ መሥራት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» የጻፈችው ሰሚያ ናት። ለነሱ አዝና፣ ይረፉ ብላ፣ በምታምረው የእጅ ጽሑፏ።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን የመጨረሻውን ረቂቅና የፊርማውን ቅጽ ይዛ የዶክተር አምሐ ቢሮ ገባች። ትልቁ ጭብጥ «ባዶ እጅን እንግዳ መሆን» ተብሏል። «ንቀት» ታች ወርዳ በቦታዋ ተቀምጣለች። ቁጥር አሥራ አንድም በሙሉ ክብሯ ገብታለች፤ ጭብጡን ያስተካከለችው እሷ መሆኗ ተጽፏል። በመጨረሻ አንድ ገጽ አለ፤ ስለ ጥያቄዎቿ፣ ስለ መዝገቡ ዓምድና ስለ ወጥ ቤቱ ወረቀት፣ ምንም ሳትደብቅ።

ዶክተር አምሐ ያችን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ራስሽን ነው ያጋለጥሽው።»

«የጠየቅኩት እኔ፣ ኮድ የሰጠሁትም እኔ። አንባቢ ማን እንደሠራው ማወቅ አለበት።»

«ስሚኝ ሲስተር። ጭብጥሽ አሁን ቆሟል፤ አልክድም። ግን ጤና ቢሮው የትብብር ደብዳቤ የጻፈልሽ ግንዛቤ ላይ እንሠራለን ብሎ ነው። ፈታኞቹም ያን ይጠብቃሉ። ግንዛቤን በአራተኛነት አስገቢው፤ አንድ አንቀጽ ብቻ። ያችን ገጽ አውጫት። እዚሁ አሁኑኑ ልፈርም።» እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ሰሚያ እስክሪብቶውን አየችው። አንድ አንቀጽ ናት፤ እዚሁ ተቀምጣ በአሥር ደቂቃ ትጽፋታለች። የሁለት ዓመት ድካም በአሥር ደቂቃ ይድናል።

«እንቢ» አለች።

«ምነው!»

«የሌለ ነገር አንድ አንቀጽም አይሞላም፣ ዶክተር። ስድስት ዓመት ሳልጠይቅ ጻፍኩባቸው። አሁን ጠይቄያቸው፣ ነግረውኝ፣ እንደገና ያንኑ ልጽፍባቸው ነው? ሳልመረቅ ልቅር።» ቅጹን ሳይፈረም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

«ተቀመጭ፣ አንች ግትር! ያ ክምር አለ?»

«የቱ?»

«ከጭብጥ ያወጣሽው። የእኔ ድምፅ ያልሽው።»

ፖስታውን አወጣችላቸው። ዶክተር አምሐ አሥራ አንዱን ቁራጭ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ከጥያቄው ጀምረው እስከ መልሱ አንድ በአንድ አነበቡ። ቁጥር ሰባት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸውን «እናቴን የቀበርኳት» የሚለው ላይ አሳረፉ።

«እኔም ግንዛቤ ማነስ ያልኩበት፣ የማስተምረው ጥናት አለኝ፣» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጥያቄዎቹን ማየት ይኖርብኛል።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቅጹን አምጭው። ፈታኞቹ ግን ያፋጥጡሻል።»

«ያፋጥጡኝ።»

ፈረሙ። ተፋጠጠች፤ አለፈችም። ያ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ሐምሌ ላይ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ወጥ ቤቱ ሄዳ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገነጠለችው፤ ምግብ ሠሪዋ አፏን ይዛ አየቻት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ጠዋት ከማቆያው ወጥታ ሄደች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ መዝገቡን ገልጦ ጠባቡ ዓምድ ባዶ መሆኑን አየ።

«ሲስተር፣ ይችን ሙያት እንጂ፤ ሪፖርት ዛሬ ነው። እንደተለመደው ግንዛቤ ማነስ በያት።»

«እንቢ። አልጠየቅኳትም።»

«ታዲያ ባዶ ይሂድ?»

ሰሚያ ጃንጥላዋን ከግድግዳው ላይ አነሳች። ዝናቡ ጀምሯል፤ የሴትዮዋ መንደር ደግሞ ዳገት ነው።

«እስክመለስ ባዶ ይቆይ» አለችና ወጣች።